ዲግሪን ከ500 ኪሎባይት በታች ለማውረድ ሲሞከር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ ፎቶኮፒ ቤት ዲግሪ በቀለም ስካን ተደርጎ በፍላሽ ሲወጣ 2 ወይም 3 ሜጋባይት መሆኑ የተለመደ ነው። የማመልከቻው ቅጽ ደግሞ «ፒዲኤፍ፣ ከ500 ኪሎባይት ያልበለጠ» ይላል። ፋይሉን እዚያ ድረስ ማውረድ ቀላል ነው። ችግሩ ወርዶ ሳይነበብ መቅረቱ ነው። ለምሳሌ የምንይዘው በአግድም የታተመ የኤ4 ዲግሪ ነው። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ወለል በቀጫጭን መስመሮች ያጌጠ ነው፤ ሰማያዊ ማህተምም አርፎበታል።

ከመነሻው ዝቅ አድርጎ ስካን ማድረግ

«ትንሽ እንዲሆን በ75 አንሣልኝ» ማለት ያጓጓል። ጉዳቱን በአንድ ፊደል እንየው። በ10 ነጥብ የታተመ ጽሑፍ በ75 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 75 ፒክሰል ሲነሣ ለአንድ መስመር የሚደርሰው ቁመት 10 ፒክሰል ገደማ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ራሱ ከዚያም ያንሳል። ሲ እና ሴን የሚለያቸው በቀኝ እግራቸው ጫፍ ያለው ምልክት ነው፤ የሲ አጭር ጭረት ናት፣ የሴ ቀለበት ናት። በዚህ መጠን ሁለቱም አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ጭጋግ ይሆናሉ። «ሲሳይ» የሚለው ስም «ሴሳይ» ተብሎ ቢነበብ መርማሪው ከመታወቂያው ጋር አይገጥምለትም። በ150 ዲፒአይ ግን የመስመሩ ቁመት 21 ፒክሰል ገደማ ይሆናል፤ ጭረቷም ቀለበቷም በየራሳቸው ይታያሉ። የላቲን ፊደል ከዚህ ባነሰም ይነበብ ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ልዩነቱን በትንንሽ እግሮችና ቀለበቶች ላይ ስለተሸከመ ቀድሞ ይጠፋል።

ስለዚህ ስካኑ በ300 ዲፒአይ በቀለም ይነሣ። ይህ እናቱ ፋይል ነው፤ አይነካም። መቀነስ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ

ፎቶኮፒ ቤቱ ፍላሽ ከሌለዎት በቴሌግራም ይልክልዎታል። እንደ ፎቶ ከላከው መተግበሪያው ራሱ ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል። የኤ4 ረጅም ጎን 11.7 ኢንች ስለሆነ የሚቀርልዎት 109 ዲፒአይ ነው፣ ያውም በድጋሚ የተጨመቀ። «እንደ ፋይል ላክልኝ» ይበሉ። እንደ ፎቶ የመጣውን መልሶ ማጉላት የጠፋውን አይመልስም።

ፒክሰሉን ሳይቀንሱ ጥራቱን መጨፍለቅ

ብዙ ሰነድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉን የሚያሳንሱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የፒክሰሉን ብዛት መቀነስና የጄፔግን የጥራት ቁጥር መቀነስ። ኤ4 በ300 ዲፒአይ 3508 በ2480፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ፒክሰል ነው። ይህን ሳይነኩ ከ500 ኪሎባይት በታች ለመግባት የጥራት ቁጥሩን 20 ወይም 15 ድረስ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክሰል ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚጨምቀው፤ ጥራቱ ሲወርድ ካሬዎቹ ራሳቸው ይታያሉ፣ በፊደሉ ዙሪያም ጭስ የመሰለ ግራጫ ይሰራጫል። ምልክቱ ይኸው ነው፤ ጭሱን ካዩ ቁጥሩ ከልክ በታች ወርዷል።

ዲፒአይውን በግማሽ ሲቀንሱ ግን የፒክሰሉ ብዛት ወደ ሩብ ይወርዳል። 1754 በ1240 ማለት 2.2 ሚሊዮን ፒክሰል ነው። ከዚያ በኋላ የጥራት ቁጥሩን 70 ላይ ማቆየት ይቻላል፤ ውጤቱ እንደ ጀርባው ጌጥ ብዛት ከ250 እስከ 450 ኪሎባይት አካባቢ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ከወረቀቱ ውጭ ያለውን የስካነሩን ጥቁር ጠርዝ ቆርጠው ያውጡ። ቀጥሎ ኢርፋንቪው በተባለው የምስል ፕሮግራም ላይ `Ctrl+R` ተጭነው ስፋቱን 1754 ያድርጉ፤ ቁመቱ መጠኑን ጠብቆ ራሱ ይስተካከላል። መጨረሻ ላይ በጄፔግ ሲያስቀምጡ የጥራቱን ቁጥር 70 ያድርጉ። ካላነሰ 60፣ ከዚያ 50 ይሞክሩ። ከ50 በታች ከመሄድ ስፋቱን ወደ 1520 ማውረድ ይሻላል፤ ይህ 130 ዲፒአይ ገደማ ነው። በየሙከራው የሚጀምሩት ከእናቱ ፋይል ነው። የተጨመቀውን ደጋግመው ካስቀመጡት ጭሱ በየጊዜው ይደራረባል።

ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሳለ ስካኑ ግራጫ ከመሰለ ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ ማድረግም ፋይሉን ያሳንሳል፤ ኮምፒውተሩ የወረቀቱን ነጠብጣብ ሁሉ እንደ ዝርዝር ይዞት ነበርና። የደበዘዘ ማህተም ካለ ግን ብዙ አይግፉት፤ አብሮ ይጠፋል።

ጥቁርና ነጭ ማድረግ

ሁለት ዓይነት አለ። ግራጫማው ጉዳት የለውም፣ ቅጹ ቀለም ካልጠየቀ ይፈቀዳል፤ የሚያተርፈው ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት ያነሰ ነው፣ ጄፔግ ቀለሙን ቀድሞውኑ አጥብቆ ይጨምቀዋልና። ሌላው እያንዳንዱን ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ የሚያደርገው ነው። ይህ ለተራ ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ለዲግሪ ግን የጀርባው ጌጥ ወደ ጥቁር ነጠብጣብ ይለወጣል፣ ፊርማ ላይ ያረፈ ማህተምም ከፊርማው ጋር ይቀላቀላል።

«ፒዲኤፍ ሲሆን ያንሳል» ብሎ ማሰብ

ስካን የሚያደርገው ልጅ «አብሽር፣ ፒዲኤፍ ሳደርገው ያንሳል» ሊልዎት ይችላል። ፒዲኤፍ መያዣ ነው፤ ምስሉ ውስጡ እንዳለ ይቀመጣል። 2 ሜጋባይት ምስል ያለው ፒዲኤፍ 2 ሜጋባይት ነው። እንዲያውም በማተሚያ በኩል ወደ ፒዲኤፍ ሲላክ ምስሉ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ ምስሉን ያሳንሱ፣ ከዚያ ሳይነካ ይጠቅልሉት። img2pdf የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ከሆነ ይህ ትእዛዝ ጄፔጉን እንዳለ ያስገባዋል፦

```
img2pdf degree.jpg -o degree.pdf
```

የፋይሉን ስም ከ`.jpg` ወደ `.pdf` መቀየር ደግሞ ምንም አይለውጥም። እውነተኛ ፒዲኤፍ በመጀመሪያው መስመሩ `%PDF` ብሎ ይጀምራል፤ የማመልከቻው ድረ ገጽ ያንን ፈትሾ ሲያጣው «የተሳሳተ ፋይል» ይላል። ዚፕ ማድረግም አይጠቅም፤ ጄፔግ ቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ የሚወርደው ኢምንት ነው፣ ቅጹም ዚፕ አልጠየቀም።

ልክ 500 ላይ ማቆምና ሳያዩ መላክ

አንዱ ገጽ 500 ኪሎባይትን 512,000 ባይት፣ ሌላው 500,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል። 480 ላይ ያቁሙ። የሚያዩት ቁጥር በፋይሉ ባሕርያት ገጽ `Size` የሚለው ነው፤ ከሥሩ ያለው `Size on disk` የሚናገረው ዲስኩ ላይ የያዘውን ቦታ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት ይሁን፤ አንዳንድ ገጾች የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል አይቀበሉም።

ከመላክዎ በፊት የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ከፍተው በ100 ፐርሰንት ይዩት፤ አሳንሰው ካዩት ጭሱ አይታይም። ዓይንዎን አምስት ቦታ ላይ ያሳርፉ፦ የእርስዎ ስም በሁለቱም ቋንቋ፣ የተመረቁበት ቀን፣ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር፣ በማህተሙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ፣ እና ፊርማው። ከቁጥሮቹ 3 እና 8፣ 6 እና 0 ቀድመው ይምታታሉ። የሰነዱን ቁጥር ወረቀቱን ሳያዩ ከስክሪኑ ላይ ብቻ ጽፈው ከዋናው ጋር ያመሳክሩ። አንድ አሃዝ እንኳ ካጠራጠረዎት ጥራቱን 10 ከፍ አድርገው ከእናቱ ፋይል ይጀምሩ።