600 ተማሪ ቢኖርም ስታንዳርድ ኤረሩ ለምን አይታመንም?

ምልክቱ

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ፣ ከማራኪና ከአራዳ 20 ትምህርት ቤቶች ተመረጡ እንበል። ከእያንዳንዳቸው 30 ተማሪ ሒሳብ ተፈተነ፤ በድምሩ 600። 10 ትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥተዋል፣ 10ሩ አልሰጡም። ማጠናከሪያ ያገኙት በአማካይ በ4 ነጥብ ይበልጣሉ። ተራው ሪግሬሽን ስታንዳርድ ኤረሩ 1.22፣ ፒ-ቫልዩው 0.001 ገደማ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ውጤት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲመጣ አማካሪው መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው «ማጠናከሪያው የተሰጠው ለተማሪ ነው ለትምህርት ቤት?» ብለው ነው።

መንስኤው

ተራው ሪግሬሽን 600ውን ተማሪዎች እርስ በርስ የማይገናኙ አድርጎ ይቆጥራል። ግን የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚማሩት ከአንድ መምህር ነው፣ ሰፈራቸውም አንድ ነው። መምህሩ አንድ ወር ቢታመም የ30ውም ውጤት አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሠላሳኛው ልጅ የሚጨምርልን አዲስ መረጃ ትንሽ ነው። ማጠናከሪያውም የተሰጠው በትምህርት ቤት ደረጃ ስለሆነ የምናወዳድረው 10 ትምህርት ቤትን ከ10 ትምህርት ቤት ጋር ነው።

በቁጥር እንየው። የውጤቱ ጠቅላላ ቫሪያንስ 225 ነው እንበል። ከዚህ 45ቱ በትምህርት ቤቶች መካከል፣ 180ው በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ቫሪያንስ 45 + 180/30 = 51 ይሆናል። የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ቫሪያንስ ደግሞ 51/10 + 51/10 = 10.2 ነው። ስኩዌር ሩቱ 3.19 ይመጣል። ትክክለኛው ስታንዳርድ ኤረር ይኼ ነው፤ ከ1.22 ሁለት ተኩል እጥፍ በላይ። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም ከ−2.7 እስከ 10.7 ይዘረጋል። ማጠናከሪያው ጠቅሟል ለማለት ይህ ዳታ አይበቃም።

መፍትሄው

ትምህርት ቤቱን ራሱን የቻለ እርከን አድርጋችሁ ሞዴሉ ውስጥ አስገቡት። በአር እንዲህ ይጻፋል፦

```r
library(lmerTest)
m <- lmer(score ~ tutor + (1 | school), data = d)
summary(m)
```

`lmer` ሁለቱን ቫሪያንሶች ለየብቻ ይገምታል። `lmerTest` ደግሞ የነጻነት ዲግሪውን ከ600 ሳይሆን ከትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ጋር ያቀራርበዋል፤ እዚህ 18 ገደማ ይሆናል።

ሴክሽንም ካስገባችሁ ተጠንቀቁ። «9ኛ ሀ» የሚባል ክፍል በየትምህርት ቤቱ አለ። `(1 | school) + (1 | section)` ብትሉ ሞዴሉ የሁሉንም 9ኛ ሀ እንደ አንድ ክፍል ይቆጥራቸዋል። ትክክለኛው `(1 | school/section)` ነው።

ኤረሩ አሁንም ሰፊ ከሆነ

ብዙዎች ከየትምህርት ቤቱ ተማሪ ይጨምራሉ። 30ውን 100 ብናደርግ፣ ማለትም በድምሩ 2000 ተማሪ ብንፈትን፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ከ3.19 ወደ 3.06 ብቻ ይወርዳል። 45ቱ ንቅንቅ ስለማይል ነው። እነዚያኑ 600 ተማሪዎች ከ40 ትምህርት ቤት 15 15 አድርገን ብንወስዳቸው ግን 2.39 ይደርሳል። ስለዚህ ለትራንስፖርት የተመደበው ገንዘብ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ለመድረስ ይዋል።