«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» እና ሌሎች የሰለቹኝ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የጤና ተቋም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ከተቀመጥኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ ታካሚዎቼ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚሉ ማረሙን ትቻለሁ። በየጊዜው ተለማማጅ ተማሪዎች ይላኩልኛል። የቫይረሱን የሕይወት ዑደት ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሉታል፤ የትኛው መድኃኒት የትኛውን ደረጃ እንደሚዘጋም በቀስት ያያይዙታል። ታካሚ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ሥዕሉ ሁሉ ይጠፋባቸዋል። የምጽፈው ደጋግሜ ስላየኋቸው ስህተቶች ነው፤ አንዱን ራሴም ሠርቼዋለሁ።

የለመደው ሰውነት ነው ብሎ ማሰብ

መድኃኒቱ ቫይረሱን መግታት ሲያቅተው «መላመድ» እንላለን፤ እዚህ ላይ የሚያሳስተን ቋንቋችን ነው። «መላመድ» ሲባል ሰው የሚያስበው ቡና የለመደን ሰው ወይም ብርድ የለመደን ገላ ነው። ስለዚህ ታካሚው «ዶክተር፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፤ ትንሽ ባሳርፈውስ?» ይላል። ተማሪዬም አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ይህን መነቅነቅ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ቀጣዩ እርምጃ ክኒኑን ማቆም ነው።

ሰውነት ምንም አልለመደም። ቫይረሱም ቢሆን መድኃኒቱን አይቶ የተማረው ነገር የለም። ኤች አይ ቪ ሴል ውስጥ ሲገባ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለው ኢንዛይሙ የአር ኤን ኤውን ጽሑፍ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል። ይህ ኢንዛይም የጻፈውን መልሶ የማያነብ ዝርክርክ ጸሐፊ ነው። በግምት በየ30,000 ፊደሉ አንድ ይስታል፤ የቫይረሱ ሙሉ ጽሑፍ ደግሞ 9,700 ፊደል ያህል ነው። ከሦስት ግልባጭ አንዱ ስህተት ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ በቀን ወደ 10 ቢሊዮን ቫይረስ ይመረታል። አብዛኛው ሴል ሳያገኝ ይጠፋል፤ ለስሌት እንዲመቸን በቀን 10 ሚሊዮን አዳዲስ ሴሎች ተያዙ እንበል። አንድ የተወሰነ ፊደል ወደ ሌላ የተወሰነ ፊደል የሚለወጥበት ዕድል ከ100,000 አንድ ቢሆን፣ ያ ለውጥ በየቀኑ 100 ጊዜ ይከሰታል። ታካሚው ገና አንድ ክኒን ሳይውጥ! መድኃኒቱ የተለወጠውን ቫይረስ አልፈጠረውም፤ ሌሎቹን ጠራርጎ ሜዳውን ለቀቀለት እንጂ።

ስሌቱን አንድ እርምጃ እንግፋው። አንድ ቫይረስ ሁለት የተወሰኑ ለውጦችን በአንድ ግልባጭ እንዲያገኝ በዚሁ ሒሳብ 1,000 ቀን ይጠበቃል። ሦስት ለውጥ ከሆነ ከ270,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዚዶቩዲን እንደ ፈረንጆቹ በ1987 ብቻውን ሲሰጥ በወራት ውስጥ ለምን ይሸነፍ እንደነበረ፣ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የሦስት መድኃኒት ጥምረት ነገሩን ለምን እንደገለበጠው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሒሳቡ ሻካራ ነው፤ ቫይረሶች አንዱ ከሌላው ጽሑፍ ቆርጠው ስለሚቀጥሉ እውነተኛው ቁጥር ያንሳል። ዋናው ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ሦስቱም መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ሴሉ ውስጥ ሲገኙ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ይያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክኒን መቁጠር፣ ደረጃ አለመቁጠር

ተማሪ «ሦስት መድኃኒት ስለሆነ ሦስት ቦታ ይዘጋል» ሲለኝ ወረቀት አቀብለዋለሁ። ቫይረሱ መጀመሪያ ሲዲ4 ሴል ላይ ይጣበቃል፣ ሲሲአር5 የተባለውን ሁለተኛ መያዣ ይጨብጣል፣ ከዚያ ሽፋኑን ከሴሉ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። ማራቪሮክ መያዣውን፣ ኤንፉቪርታይድ ውህደቱን ይከለክላሉ፤ ሁለቱም በእኔ መስኮት የሚያልፉ አይደሉም። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ግልበጣው ላይ ነው።

ግልበጣው ላይ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ወገኖች አሉ። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን፣ ዚዶቩዲንና አባካቪር የሐሰት ፊደሎች ናቸው። ዶቃ በክር እየተሰካ ነው ብለን ብናስብ፣ እነርሱ በአንድ ጎን ብቻ የተበሱ ዶቃዎች ናቸው፤ አንዱ ከገባ ከኋላው ሌላ አይሰካም። ኤፋቪሬንዝና ኔቪራፒን ግን ዶቃውን አይነኩም፤ ኢንዛይሙ ጎን ላይ ባለ ጉድጓድ ተወሽቀው እጁን ያደርቁታል። ጉድጓዱ በአንድ ለውጥ ቅርጹን ከቀየረ ሁለቱም አብረው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። «ኤፋቪሬንዝ ካቃተው በኔቪራፒን እንለውጠው» ማለት ቁልፉ የተቀየረ በርን በዚያው በአሮጌው ቁልፍ ቅጂ እንደ መሞከር ነው።

ቀጥሎ ኢንቴግሬዝ የተገለበጠውን ዲ ኤን ኤ በሴሉ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ይሰፋዋል፤ ዶሉቴግራቪር የሚይዘው ይህን መርፌ ነው። በመጨረሻ አዲሱ ቫይረስ ከሴሉ ሲወጣ ፕሮቲኖቹ ገና እንዳልተቆረጠ ጣቃ ናቸው፤ ፕሮቲዬዝ በልካቸው ይቆርጣቸዋል። አታዛናቪርና ዳሩናቪር መቀሱን ይይዛሉ። ቫይረሱ መውጣቱን አያቆምም፤ የወጣው ግን ሌላ ሴል መያዝ የማይችል ጭንጋፍ ነው። ፈተና ላይ ግማሹ ተማሪ እዚህ ይሳሳታል።

አሁን ዛሬ የምናድለውን ክኒን እንቁጠር። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን፣ ዶሉቴግራቪር ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፤ የተዘጉት ደረጃዎች ግን ሁለት ናቸው። የተሰፋውን ዲ ኤን ኤ የሚተረትር ደግሞ በውስጡ አንድም የለም። የቫይረስ መጠን የሚወርደው አዲስ ሴል መያዝ ስለቆመና ቫይረስ አምራቾቹ ሴሎች በአንድ ሁለት ቀን ስለሚሞቱ ነው። ተኝተው የቀሩት ጥቂት ሴሎች መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነሳሉ።

«ካቆሙ ጨርሰው ያቁሙ»

ይህ የእኔ ስህተት ነው። በ2009 ዓ.ም. ከፒያሳ ሜክሲኮ የሚሠሩ በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ የታክሲ ሾፌር እንጦጦ ጸበል ሊገቡ እንደሆነና ክኒኑን ለ3 ሳምንት ሊተዉት እንደወሰኑ ነገሩኝ። የዚያን ጊዜው ክኒን ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ ነበር። ተከራከርኳቸው፤ አልሰሙኝም። በመጨረሻ «እሺ፣ ካቆሙ ጨርሰው ያቁሙ፤ አንድ ቀን እየዘለሉ ግን እንዳይወስዱ» አልኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሦስቱም አብረው ከቆሙ አንዱ ብቻውን አይቀርም ብዬ።

ሦስቱ አብረው ይገባሉ እንጂ አብረው አይወጡም። ላሚቩዲን ሴል ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ቴኖፎቪር ጥቂት ቀናት ይቆያል። ኤፋቪሬንዝ ግን በግማሽ ለመቀነስ ከ40 እስከ 55 ሰዓት ይፈልጋል፤ ጉበታቸው መድኃኒቱን በዝግታ የሚያስወግድ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሾፌሩ ምንም አልወሰድኩም ብለው ሲያስቡ ደማቸው ውስጥ ኤፋቪሬንዝ ብቻውን ቀርቷል። በአንድ ለውጥ የሚሸነፈው መድኃኒት፣ ያለ አጋር፣ ቫይረሱ እንደገና መባዛት በጀመረበት ሰዓት።

ሰውየው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አራት ጊዜ አቋረጡ። ከዚያ በፊት በምርመራ አይታይ የነበረው የቫይረስ መጠን 14,000 ሆነ። 3 ወር የቅርብ የምክር ክትትል ተደረገላቸው፤ ክኒናቸውን በየምሽቱ እየወሰዱ 22,000 ወጣ። እየወሰዱ መውጣቱ ነው ምልክቱ፤ ባይወስዱ ኖሮ ቁጥሩ ስለ መላመድ ምንም አይነግረንም ነበር። የመላመድ ምርመራው ሲመጣ ወረቀቱ ላይ K103N እና M184V የተባሉ ሁለት ለውጦች ተጽፈዋል። እኔ እንደማነበው ታሪኩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው፣ የኤፋቪሬንዙን ጉድጓድ የሚቀይረው፣ በማቋረጡ ወቅት ነገሠ። ሲመለሱ ክኒኑ በወረቀት ሦስት፣ በሥራ ሁለት መድኃኒት ሆኖ ነበር፤ በአንድ ፊደል የሚሸነፈው ላሚቩዲን ቀጣዩ ሆነ። ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲንና በሪቶናቪር የታገዘ አታዛናቪር ተጀመረላቸውና የቫይረስ መጠናቸው ወረደ። ጸበሉንም አልተዉም፤ ክኒኑን በኪሳቸው ይዘው ይወጣሉ።

«የኤፋቪሬንዝ ዘመን እኮ አለፈ» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዶሉቴግራቪር በግማሽ የሚቀንሰው በ14 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይሸሸውም። በመርፌ የሚሰጠው ካቦቴግራቪር ግን መርፌው ከቆመ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ያው ታሪክ፣ ረዘም ባለ ጭራ።

የተሸነፈውን ላሚቩዲን መጣል

ከላይ ሾፌሩ ላሚቩዲንን እንደያዙ መቀጠላቸውን ያስተዋለ አንባቢ ስህተት መስሎት ይሆናል። አይደለም። M184V ቫይረሱን ከላሚቩዲን ያድነዋል፤ ግን ያዳክመዋል፣ ለዚዶቩዲንና ለቴኖፎቪርም ይበልጥ ያጋልጠዋል። ላሚቩዲንን የማንጥለው ቫይረሱ ይህን ለውጥ እንደያዘ እንዲቆይ ለማስገደድ ነው። በኤምትሪሲታቢን መለወጥ ግን ምንም አይጨምርም፤ ያው ለውጥ ሁለቱንም ያሸንፋል።

መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ የመላመድ ምርመራ ማዘዝ

መድኃኒቱ ከሌለ ያልተለወጠው ጠንካራ ቫይረስ ደካማውን በሳምንታት ውስጥ ይውጠዋል። ወረቀቱ «መላመድ የለም» ይላል፤ የተለወጠው ግን በተኙት ሴሎች ተጽፎ ተቀምጧል። ናሙናው መድኃኒቱ እየተወሰደ ወይም በተቋረጠ በ4 ሳምንት ውስጥ ይወሰድ።

ዶሉቴግራቪርን ከብረት ክኒን ጋር በባዶ ሆድ መስጠት

ነፍሰ ጡሮች ከእናቶች ክፍል ብረት ይሰጣቸዋል፤ ከእኛ ደግሞ ዶሉቴግራቪር፤ ሁለቱንም ማለዳ በውኃ ይውጧቸዋል። ዶሉቴግራቪር ኢንቴግሬዝን የሚይዘው በማግኒዥየም በኩል ስለሆነ ማዕድን ይወዳል፤ አንጀት ውስጥ ብረቱን ይዞ አብሮት ይወጣል። መላው ቀላል ነው፦ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ አለበለዚያ 6 ሰዓት ዘግይቶ። ለጨጓራ የሚወሰደው ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት መድኃኒት ግን ከምግብ ጋርም አብሮ አይሆንም፤ እርሱ ሁልጊዜ በሰዓት ይለይ። ባለፈው ወር አንዲት እናት የቫይረስ መጠኗ ከፍ ብሎ መጣችና ተማሪዬ የሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ወረቀት ሊሞላ ብዕር አነሳ። ቦርሳዋን እንድትከፍትልን ጠየቅኳት። ብረቱና ክኒናችን በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለው ነበር።