ዳገት ላይ ፍሪሲዮን የሚያቃጥሉ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ መንገድ የተዘጋበትን ሹፌር እግር እዩት። ፍሬን አይዝም። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቅቆ፣ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያቆመዋል። እባካችሁ ተዉ!

ቮላኖው ከሞተሩ ክራንክ ጋር የታሰረ ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ሞተሩ እስካልጠፋ ይዞራል። ስፒንጂ ዲስኩም ቮላኖው ላይ ስለታሰረ አብሮት ይዞራል። በመሃላቸው ያለው ሸራ ግን የተሰካው የካምቢዮው ዘንግ ላይ ነው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ የስፒንጂ ዲስኩ ሞላ ሸራውን ከቮላኖው ጋር ይነክሰዋል፤ ሦስቱም አብረው ይዞራሉ፣ ጉልበቱ ወደ ጎማ ያልፋል። ስትረግጡ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይገፋና ሸራው ይላቀቃል። ግማሽ ላይ ስትይዙት ግን ሸራው ቆሞ፣ ቮላኖው በደቂቃ 1000 ዙርና ከዚያ በላይ እየዞረ ይፈጨዋል። ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ስትቆሙ እጅ ፍሬን ያዙ፤ ስትነሱ ፍሪሲዮኑን የሞተሩ ድምፅ ዝቅ እስኪል ለቀቅ አድርጉና ያን ጊዜ እጅ ፍሬኑን ልቀቁ።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር መጥቶ «ጋሼ፣ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ይጮሃል እንጂ አይሄድም» አለኝ። እጅ ፍሬኑን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን እንዲለቅ ነገርኩት። ሸራው ደህና ቢሆን ሞተሩ እዚያው ይጠፋ ነበር። አልጠፋም፤ ወዲያው አስቆምኩት፣ ሙከራው ራሱ ሲረዝም ሸራ ይበላልና። ስንፈታው ሸራው እስከ ሪቬቱ አልቋል። ሪቬቶቹ ቮላኖውን ጥፍር የሚይዝ ቦይ አውጥተውበታል፤ ፊቱም በሙቀት ቦታ ቦታው ሰማያዊ ሆኗል።

ሁለተኛው ስህተት እዚህ ይመጣል፤ «ሸራ ብቻ ቀይርልኝ» አለ። አዲስ ሸራ ቦይ ባወጣ ቮላኖ ላይ ሙሉ ፊቱን አያሳርፍም፤ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሸራውም ቶሎ ያልቃል። ቮላኖው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከል፤ ጥልቅ ስንጥቅ ካለበት ይቀየር። ሙቀት ሞላውን ስለሚያላላው ስፒንጂ ዲስኩንና ኩሽኔታውንም አብረን ቀየርን። ለአንዱ ዕቃ ብሎ ካምቢዮ እንደገና ማውረድ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚያደክም ሥራ ነውና።

እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ። ትንሽ ጫና እንኳ ኩሽኔታውን ያለዕረፍት ያሠራዋል፣ የሞላውንም ንክሻ ይቀንሳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

ማርሽ ስትቀይሩ እስከ ታች ርገጡ። እስከ ታች ተረግጦም የኋላ ማርሽ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ ሸራው አልተላቀቀም ማለት ነው፤ ማርሹን በጉልበት አታስገቡ፣ ገመዱን ወይም የፍሪሲዮኑን ዘይት አሳዩ።

ለሚገጥሙት ልጆች ደግሞ፦ ሸራውን በግራሶ እጅ አትንኩ። ከክራንኩ ኋላ ዘይት የሚያፈስ ከሆነም መጀመሪያ እሱን ድፈኑ፤ ዘይት የጠጣ አዲስ ሸራ እንደ አሮጌው ይንሸራተታል።