ቢሊዮኑ ሺህ እጥፍ ሲስት፦ የተተረጎመ አሃዝ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ እንዲህ ነው። ትርጉሙ ያምራል፣ ሰዋስዉ አይነቀፍም፣ ስሞቹ በትክክል ተጽፈዋል። ቁጥሩ ግን አይመስልም። የአንድ ትልቅ አገር በጀት የአንድ ሕንፃ ማሠሪያ ያክላል። ወይም አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በላይ ሀብታም ሆኖ ቁጭ ይላል።

መጀመሪያ ስህተቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ እዩ። አሥር እጥፍ ከሆነ የትየባ ችግር ነው፤ ዜሮ ቆጥራችሁ ትደርሱበታላችሁ። ልክ ሺህ እጥፍ ከሆነ ግን ዜሮ አትቁጠሩ፣ ጊዜያችሁን ነው የምትጨርሱት። የመጀመሪያው ጽሑፍ በምን ቋንቋ እንደነበር ጠይቁ። ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ ወይም ስፓንኛ ከሆነ መንስኤው ተገኘ ማለት ይቻላል።

መንስኤው

እኛ ከሚሊዮን በኋላ በየሦስት ዜሮው አዲስ ስም እንሰጣለን። ቢሊዮን 9 ዜሮ፣ ትሪሊዮን 12 ዜሮ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ጀርመኖች ግን የመጀመሪያው ትርጉም ላይ ነው የቀሩት። በ1484 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኒኮላ ሹኬ እነዚህን ስሞች በጽሑፍ ሲያስቀምጥ ቢሊዮን ማለት ሚሊዮን በሚሊዮን ሲባዛ ነበር፤ 12 ዜሮ። ትሪሊዮን ደግሞ ሚሊዮን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ፣ 18 ዜሮ። ባለ 9 ዜሮው ቦታ ባዶ ሆኖ ስለቀረ ኋላ ላይ ሚሊያርድ የሚለው ስም ገባበት።

```
ዜሮ   አማርኛ     ጀርመንኛ    ምህጻረ ቃል
6    ሚሊዮን     ሚሊዮን     Mio.
9    ቢሊዮን     ሚሊያርደ    Mrd.
12   ትሪሊዮን    ቢሊዮን     Bio.
```

ጣጣው ያለው በመጨረሻው መስመር ነው። አዲስ ቃል ቢሆን ተርጓሚው ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት ያያል። ይሄ ግን የሚያውቀው ቃል ነው። ዓይኑ ሳያርፍበት ያልፈዋል።

ደጋግሞ የሚመጣው ብልሽት፦ የጀርመኑ ቢሊዮን እንዳለ ሲገለበጥ

የራሳችንን በጀት እንውሰድ። የኢትዮጵያ የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ። ይህንን አንድ የጀርመን ጋዜጣ ቢጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

```
von 971,2 Mrd. Birr auf 1,93 Bio. Birr
```

አሁን ጀርመን የሚኖር አንድ ልጅ ይህን ወደ አማርኛ ይመልሳል እንበል። Mrd. ሲያይ ቆም ይላል፣ ይፈልጋል፣ ቢሊዮን መሆኑን ያገኛል። ጎበዝ። Bio. ጋ ሲደርስ ግን ምን ይፈልጋል? ቢሊዮን ነዋ! «ከ971.2 ቢሊዮን ወደ 1.93 ቢሊዮን» ብሎ ይልካል። እጥፍ ገደማ ያደገው በጀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተነነ። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሁለት አራሚዎች አልፎ እጄ ላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ሆሄ አርመውበታል።

መፍትሄው አንድ ነው። ከቃል ወደ ቃል በፍጹም አትሂዱ። መሃል ላይ ዜሮዎቹን አስገቡ። 1,93 Bio. ስታዩ መጀመሪያ «1.93፣ 12 ዜሮ» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ። ከዚያ 12 ዜሮ በአማርኛ ማን ይባላል ብላችሁ ጠይቁ። ትሪሊዮን። አለቀ። የሚፈጀው ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው አያደርገውም፣ የሚሳሳተውም እሱ ነው።

ከዚያ ለሰው አካፍሉት። የሕዝቡን ቁጥር ለሂሳብ እንዲመች 120 ሚሊዮን ብለን ብንይዝ 1.93 ትሪሊዮን ለነፍስ ወከፍ ወደ 16 ሺህ ብር ይመጣል። 1.93 ቢሊዮን ቢሆን 16 ብር ነው። መንግሥት በዓመት ለአንድ ሰው 16 ብር በጀተ ብሎ የሚያምን ካለ እሱን ሌላ ነገር እናስተምረው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በደማቁ፦ ስህተቱን ስታገኙ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ቁልፍ እንዳትነኩ። አንድ ድርጅት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሪፖርቱ ወፍራም ነው፣ ከጀርመንኛ የተተረጎመ። ኃላፊው አንድ የተሳሳተ ቢሊዮን አገኘና ሰነዱ ውስጥ ያለውን ቢሊዮን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ትሪሊዮን ቀየረው። ግን ሠንጠረዦቹ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ነበሩ። እነሱ ልክ ነበሩ። ከጀርመንኛው የመጡት በ Mrd. የተጻፉትም በትክክል ቢሊዮን ተብለው ነበር። በአንድ ጠቅታ ጥቂት ስህተት የነበረበት ሰነድ በስህተት ተሞላ። ይባስ ብሎ የቀድሞው ቅጂ አልተቀመጠም። እያንዳንዱን አሃዝ ከየምንጩ ጋር እያመሳከሩ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ፤ አበል የሌለው ቅዳሜና እሁድ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጂ አስቀምጡ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እዩ። ከእያንዳንዱ ጎን የምንጩን ቋንቋ ጻፉ። ሁለት ቋንቋ የተቀላቀለበት ሰነድ ላይ ከዚህ ውጪ አቋራጭ የለም።

ቃሉ ልክ ሆኖ ቁጥሩ የሚስትበት

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ያንኑ በጀት ጀርመኑ እንዲህም ሊጽፈው ይችላል፦

```
1.930 Mrd. Birr
```

ተርጓሚው Mrd. ቢሊዮን እንደሆነ ያውቃል። «1.930 ቢሊዮን» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ አንድም ስህተት የለበትም። ግን ጀርመን ሺህን የሚለየው በነጥብ ነው፣ ለክፍልፋይ ደግሞ ኮማ ይጠቀማል። የእኛ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የተጻፈው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሚሊያርድ ነበር፤ የእኛ አንባቢ የሚያነበው አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሦስት ቢሊዮን ነው። ያው ሺህ እጥፍ፣ በሌላ በር ገባ።

እንዴት ይታወቃል? ከነጥቡ በኋላ ልክ ሦስት አሃዝ ካለ ተጠራጠሩ። ሰው በወግ ሲጽፍ 1.9 ወይም 1.93 ይላል እንጂ 1.930 ብሎ መጨረሻው ላይ ዜሮ አይጨምርም። እዚያው ገጽ ላይ ኮማ ያለበት ሌላ ቁጥር ፈልጉ፤ ከኮማው በኋላ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ካለ ኮማው የክፍልፋይ ነው ማለት ነው። ሠንጠረዡን በኤክሴል ከከፈታችሁት ደግሞ ኮምፒውተሩ በየትኛው አገር አጻጻፍ እንደተስተካከለ ሳታዩ አንድም ቁጥር አትመኑ።

የማካፈሉ ዘዴ የማይሠራበት

አንዳንድ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተሳስቶ እርስ በርሱ ይስማማል። የታወቀው ምሳሌ የ1923ቱ እ.ኤ.አ. የጀርመን የዋጋ ንረት ነው። በኅዳር ወር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። አዲሱ ሬንተንማርክ ሲወጣ አንዱ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተተመነ። በጀርመንኛው ሁለቱም ቢሊዮን ነው የሚባሉት። ተርጓሚው ሁለቱንም እንዳለ ከገለበጠ 4.2 ቢሊዮን ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል ያው 4.2 ይመጣል። ሂሳቡ ይገጥማል። ከውስጥ ሆናችሁ ብትፈትሹ ምንም አታገኙም።

እዚህ የሚያድነው ሌላ ቦታ ያለ፣ በአሃዝ የተጻፈ ቁጥር ነው። 4,200,000,000,000 የሚል አንድ ሠንጠረዥ ካገኛችሁ ክርክሩ አበቃ። ወደ እንግሊዝኛ መጽሐፍ የምትሮጡ ከሆነ ግን የታተመበትን ዓመት እዩ። እንግሊዞች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ቢሊዮን የሚሉት ባለ 12 ዜሮውን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን በታኅሣሥ 1974 እ.ኤ.አ. ነው መንግሥታቸው በ9 ዜሮው እንደሚጠቀም ለፓርላማ ያሳወቁት። ከዚያ በፊት ለንደን የታተመ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቢሊዮን ምኑም አይታወቅም። አሜሪካኖች ግን ያኔም በ9 ዜሮው ነበሩ። አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ቢሊዮን!

በጆሮ የሚሰማው

ለአስተርጓሚዎች የምለው አጭር ነው። ሚሊያርደና ሚሊዮነን በፍጥነት ሲነገሩ መጀመሪያቸው አንድ ነው። በስልክ ስብሰባ ላይ መጨረሻው ይዋጣል። አንድ አስመጪ ወኪል ሊሆነው ያሰበውን ፋብሪካ ዓመታዊ ሽያጭ 1.2 ሚሊዮን ዩሮ ብለው ነገሩት። «ይሄማ ጉልት ነው» ብሎ ተወው። ፋብሪካው የሚሸጠው 1.2 ቢሊዮን ነበር። ሌላ ሰው ወኪልነቱን ወሰደ።

ማስታወሻ ስትይዙ «ሚ» ወይም «ቢ» ብላችሁ አትጻፉ፣ የዜሮውን ብዛት ጻፉ፦ 1.2 አጠገብ 9። ካልሰማችሁ ጠይቁ። «ስንት ዜሮ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

እስራኤል ያላችሁ፦ በዕብራይስጥ ሚሊያርድ 9 ዜሮ ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ትሪሊዮን 12 ዜሮ ይመጣል። ሩሲያኛም እንዲሁ። የጀርመኑን ሕግ እዚህ ካመጣችሁት ትሪሊዮኑን ታበላሹታላችሁ።

ስፓንኛ 2.500 millones ሲል 2.5 ቢሊዮን ነው። ፖርቱጋልኛ ከሆነ ጸሐፊው የብራዚል ይሁን የፖርቱጋል እዩ። ብራዚል እንደ እኛ ትቆጥራለች፣ ፖርቱጋል እንደ ጀርመን።

ከህንድ የመጣ ፕሮፎርማ ላይ 1,50,00,000 የሚል ካያችሁ ኮማው ተሳስቷል ብላችሁ አታርሙት። አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው፣ አንድ ላክ መቶ ሺህ፤ ስለዚህ አንድ ክሮር ተኩል፣ 15 ሚሊዮን ሩፒ ማለት ነው። ኮማዎቹን አውጥታችሁ ዜሮውን ቁጠሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብር የምትመነዝሩት።