ታሪኩ ሳይነገርብዎ ፊልሙ ጥሩ መሆኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ስለ አንድ ፊልም የሚገኘው መረጃ ሁሉ እኩል አደገኛ አይደለም። ቁጥር ታሪክ አያወራም። የሃያሲ ጽሑፍ ጥቂት ያወራል። የተመልካች ኮሜንት ግን የመጨረሻውን ትዕይንት በመጀመሪያው መስመር ሊዘረግፈው ይችላል። ስለዚህ ከቁጥር ይጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ይሂዱ፣ ለመወሰን የሚበቃዎትን ሲያገኙ እዚያው ያቁሙ።

1. ቁጥሮቹን አንድ ላይ ያንብቡ

የፊልሙን ስም ጎግል ላይ ከመጻፍ ይልቅ ሮተን ቶማቶስ፣ ሜታክሪቲክ ወይም አይኤምዲቢ ከሚባሉት የፊልም መመዘኛ ድረ ገጾች በአንዱ በቀጥታ ገብተው ይፈልጉ። ጎግል ሌሎች ሰዎች የጠየቁትን ስለሚጠቁም «እገሌ ይሞታል?» የሚል ጥያቄ ፊትዎ ሊደቅን ይችላል።

ሮተን ቶማቶስ ላይ ያለው የሃያስያን ፐርሰንት ፊልሙ ያገኘው ማርክ አይደለም። ከጻፉት ሃያስያን ስንቶቹ በጎ አስተያየት እንደሰጡ ነው የሚናገረው። ሁሉም «ደህና ነው፣ ይታያል» ብለው ቢያልፉት 100 ፐርሰንት ያገኛል። ሜታክሪቲክ ደግሞ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከ100 ነጥብ ሰጥቶ አማካይ ያወጣል። እንበልና አንድ የወንጀል ምርመራ ፊልም በመጀመሪያው 95 ፐርሰንት፣ በሁለተኛው 66 አገኘ። የሚጠላው ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ከልቡ የወደደውም ጥቂት ነው። ለአንድ ምሽት ይሆናል፤ ብዙ ከጠበቁበት ግን ቅር ይልዎታል።

ቀጥለው አይኤምዲቢ ላይ ተመልካቾች የሰጡትን ነጥብ ይጫኑና ድምፁ ከ1 እስከ 10 እንዴት እንደተከፋፈለ ይመልከቱ። ሁለት ፊልሞች እኩል 6.5 ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ ድምፅ 6 እና 7 ላይ ከተከመረ መካከለኛ ፊልም ነው። የሌላው 9 እና 8 ላይ ከፍ ብሎ እንደገና 3 እና 2 ላይ ከፍ ካለ ተመልካቹን የከፈለ ፊልም ነው፤ እንዲህ ያለውን እኔ በግሌ ከመካከለኛው አስበልጣለሁ። ፊልሙ ገና አዲስ ከሆነ ግን 10 እና 1 ላይ ያለውን ክምር ብዙ አይመኑት፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ሳያይም ድምፅ ይሰጣልና።

2. ሃያሲዎን ባዩት ፊልም ይፈትኑ

ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲሱን ፊልም ለጊዜው ይተዉትና ሁለት ያዩአቸውን ፊልሞች ይምረጡ፦ አንዱ ሰው አጣጥሎት እርስዎ የወደዱት፣ ሌላው ሰው አድንቆት እርስዎን ያሰለቸዎት። ስለ ሁለቱም ከእርስዎ ጋር የሚስማማ ሃያሲ ይፈልጉ። ሮተን ቶማቶስ ላይ የሃያሲውን ስም ሲጫኑ ሌሎች ጽሑፎቹ ይዘረዘራሉ።

ፊልሞቹን ስላዩአቸው ጽሑፎቹን ሙሉ በሙሉ ማንበብ ይችላሉ፣ የሚበላሽብዎ ነገር የለም። ሲያነቡ ሌላም ነገር ያጣሩ፦ ይህ ሰው ከፊልሙ አጋማሽ በኋላ የሚሆነውን ነገር ይጠቅሳል? ከጠቀሰ ጣዕሙ ቢስማማዎትም ነጥቡን ብቻ ይውሰዱ፣ ጽሑፉን ግን ፊልሙን ካዩ በኋላ ያንብቡት።

3. ጽሑፉን እየዘለሉ ያንብቡ

አሁን ወደ አዲሱ ፊልም ይመለሱ። የሃያሲውን የመጀመሪያ አንቀጽ ያንብቡ። የገጸ ባሕርይ ስም፣ ከጎኑም በቅንፍ የተዋናዩ ስም ካዩ ታሪኩ መተረክ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያንን አንቀጽ ይዝለሉ። ስለ ትወና፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ ሙዚቃ ወይም ስለ ርዝመቱ የሚያወራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ማንበብዎን ይቀጥሉ። የፊልሙን መጨረሻ «እናብራራለን» የሚል ርዕስ ያለውን ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ጨርሶ አይክፈቱ።

የተመልካች አስተያየት ሳይነበብ ይቅር። አይኤምዲቢም፣ ሌተርቦክስድ የሚባለው የተመልካቾች ድረ ገጽም ታሪክ የሚያጋልጡትን አስተያየቶች ይሸፍናሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ጸሐፊው ራሱ ወይም ሌላ ሰው ካመለከተ ብቻ ነው።

4. ጓደኛዎን የሚጠይቁ ከሆነ

«እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ። «ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ግን ጉድ ነው» ከተባሉ በኋላ ፊልሙን የሚያዩት ጉዱን እየጠበቁ ነው። መልሱ አጭር የሆነ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «መሃል ላይ ስልክህን አነሳህ?»፣ «ከልጆች ጋር ይታያል?»፣ «ሌላ ቀን ደግመህ ታየዋለህ?» ከሦስቱ ብዙ የሚነግርዎ የመጀመሪያው ነው።