ፎቶ ከማወዳደራችሁ በፊት በምን በኩል እንደመጣ ጠይቁ

የሁለት ስልክ ካሜራ በፎቶ ለምታወዳድሩ ሁሉ። መስከረም ላይ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ወርደን ፏፏቴውን እኔም ጓደኛዬም በየስልካችን አነሳነው። እሱ ደብረ ማርቆስ ሲገባ የሱን ፎቶ ስክሪንሾት አድርጎ በቴሌግራም ላከልኝ። ከኔ ኦሪጅናል ጋር ሳስተያየው የሱ ካሜራ የማይረባ መሰለኝ፤ የውሃው ርጭት ዝም ብሎ ነጭ፣ ሣሩ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ።

ካሜራው ግን ምንም አላጠፋም። ፎቶው ሲነሳ 4000 በ3000 ፒክስል ነበር፣ 12 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ስክሪንሾት የሚያስቀረው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የታየውን ብቻ ነው። የስልኩ ስክሪን ወርዱ 1080 ስለሆነ፣ አግድም የተነሳ ፎቶ ስልኩን አቁመው ሲያዩት 1080 በ810 ይሆናል፤ 12 ሚሊዮኑ ወደ 875 ሺህ ገደማ ወረደ። በዚያ ላይ ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲልከው ይጨምቀዋል፣ ጭመቃው ደግሞ ቀድሞ የሚበላው እንደ ርጭትና ሣር ያለውን ደቃቅ ነገር ነው። ስታጎሉት የነገሮች ጠርዝ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ካያችሁ፣ ጥፋቱን ካሜራው ላይ አትጫኑ።

ኦሪጅናሉን በ "File" አስልኩ፤ ከዚያ የፎቶውን ዝርዝር ከፍታችሁ ፒክስሉን እዩ። አንዱ 48 ሚሊዮን ሌላው 12 ሚሊዮን ከሆነ ሁለቱንም መቶ ፐርሰንት አጉልታችሁ አትፍረዱ፣ ትልቁ ያለ ጥፋቱ ደብዝዞ ይታያል። ትልቁን ወደ ትንሹ መጠን አውርዱና ያንኑ ቦታ፣ ለምሳሌ ያንኑ የሣር ጥግ፣ ጎን ለጎን እዩ። እኛ እንዲያ ስናደርግ የሱም ሣር አንድ በአንድ ተለይቶ ታየ።