ካሽ አውት ከመንካትህ በፊት ይቺን ሒሳብ ሥራ

በ100 ብር አምስት ጨዋታ ቆርጠሃል እንበል። ሁሉም ከገባ ክፍያው 2,000 ብር ነው። አራቱ ገብተዋል፣ የቀረው አርሰናል ያሸንፋል የሚለው ብቻ ነው። አቋማሪው ድርጅት አሁኑኑ 900 ብር ውሰድ ይልሃል። ይህ 900 ከየት መጣ?

መነሻው ቀላል ነው፤ ሙሉ ክፍያውን ለቀረው ጨዋታ የአሁን ኦድ ማካፈል። የአርሰናል ኦድ አሁን 1.80 ከሆነ፣ 2,000 ሲካፈል ወደ 1,111 ይመጣል። በኦዱ ውስጥ የድርጅቱ ትርፍ ስላለ የትኬቱ እውነተኛ ዋጋ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ድርጅቱ ግን ካሽ አውቱ ላይ ሌላ ትርፍ ይቆርጣል። ትኬቱን ስትገዛ አንዴ ከፍለሃል፣ ስትወጣ ደግሞ ትደግማለህ።

አሁን ተቃራኒውን እይ። «አቻ ወይም ተጋጣሚው ያሸንፋል» 2.00 ከሆነ፣ 1,000 ብር እዚያ ላይ ብታስይዝ አርሰናል አሸነፈም አላሸነፈም 1,000 ብር ይተርፍሃል። ከካሽ አውቱ በ100 ብር ይበልጣል። ችግሩ 1,000 ብር በእጅህ መኖር አለበት፣ ኦዱም እስክታስገባ ሊለወጥ ይችላል። ከአሸናፊነት ላይ ግብር ከተቆረጠም ስሌቱ ይቀየራል።

ስለዚህ ካሽ አውት የሚያዋጣው ተቃራኒውን ለማስያዝ ገንዘብ ከሌለህና 900 ብሩ ብታጣው የሚያምህ ከሆነ ነው። «ቡድኑ ጫና ውስጥ ነው» ብለህ በድንጋጤ አትንካው፤ ያንን ድርጅቱም አይቶ ዋጋውን ቀንሷል።